የጠፋው 5 ማርክ

ሰሞኑን ሁሉም ሰው ስለሚያወራው ጉዳይ እንድጽፍ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። እመለስበታለሁ። ዛሬ ግን ስለ 5 ማርክ ነው የምጽፈው። 5 ማርክ ምን ይጻፍበታል የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም ባለፈው ሳምንት እንደዚያው ነበር ያሰብኩት።

ማምሻውን ስታዲየም ባቡር ጣቢያው አካባቢ ካለች ትንሽ ካፌ ተቀምጬ የአክስቴን ልጅ እጠብቃለሁ። ቀን ቀን ካሸር ሆና ትሠራለች፤ ማታ እዚያው አካባቢ ካለ አንድ ኮሌጅ አካውንቲንግ ትማራለች። ክፍል እስክትገባ ድረስ ያለችውን ግማሽ ሰዓት አንዳንዴ አብረን ማኪያቶ እንጠጣበታለን። የዚያን ቀን ግን ገና ሳትቀመጥ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ጋዜጠኛ አይደለህ? በል ይሄን ጻፍልኝ» አለችኝ።

ስልኩ ላይ ያለው የአንድ ኮርስ ውጤቷ ነው። አራት ፈተና ተፈትናለች፤ እያንዳንዱ ከ20 ነው። 12፣ 5፣ 16፣ 12 ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከ60» በሚለው ሥር 40 ተጽፏል።

«12 እና 5፣ 17። ከ16 ጋር 33። ከ12 ጋር 45። ነው አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ 40 ከየት መጣ? 5 ማርኬን በላው እኮ!»

ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ የምታስገባው ደብዳቤ ከቦርሳዋ ወጣ። በእጅ የተጻፈ፣ ሁለት ገጽ፣ «በደል» የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ያለበት። ቁጣዋ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። የምትሠራበት ድርጅት የኮርስ ክፍያዋን ግማሽ የሚሸፍንላት B እና ከዚያ በላይ ስታመጣ ብቻ ነው። በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎቻችንና ኮሌጆቻችን በሚሠራበት ሰንጠረዥ B የሚጀምረው ከ70 ነው፤ ከ75 ጀምሮ B+፣ ከ80 ጀምሮ A- እያለ ይወጣል። እሷም ሒሳቧን ሠርታ ነበር፦ ከአራቱ ፈተናዎች 45 ይዤ ልግባ፣ ከፋይናሉ 40 ውስጥ 25 አላጣም፣ ድምሩ 70። አራተኛው ፈተና ሲደርስ 33 አለኝ፣ 12 ከጨመርኩ 45 ይሞላል ብላ አሰበች። 12 ደግሞ አመጣች። በትክክል ያሰበችውን አመጣች። ሲስተሙ ግን 40 አለ።

እኔም ደሜ ፈላ። ማስታወሻዬን አወጣሁ፤ ጋዜጠኛ አይደለሁ? ከዚያ በፊት ግን የሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ የተሰጣትን ኮርስ አውትላይን አሳዪኝ አልኳት። ቴሌግራም ላይ ፎቶው ነበራት። ከታች በኩል አንዲት መስመር አለች፦ ከአራት ፈተናዎች የተሻሉት ሦስቱ ይያዛሉ፣ 60 በመቶ፤ ፋይናል 40 በመቶ።

ይህቺን መስመር አንብባታለች። እንዲያውም ከሁሉም በላይ የወደደቻት እሷን ነበር። የገባት ግን «አንዱ ቢበላሽ አይጎዳሽም» በሚል ነው። አይጎዳም የሚለው እውነት ነው። ነገር ግን የማይጎዳ ነገር የማይጠቅምም ሊሆን እንደሚችል ማንም አልነገራትም። የተጣለው ፈተና ይዞት የነበረውን 5 ማርክም ይዞ ነው የሚወጣው። ሦስቱ የተሻሉት 12፣ 16 እና 12 ናቸው፤ ድምራቸው 40። የጠፋባት 5 ማርክ በሁለተኛው ፈተና ቀን፣ የወር መዝጊያ ሥራ ይዟት፣ ፈተናው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ደርሳ ያገኘችው ያ 5 ራሱ ነው። ማንም አልበላውም።

ልክ መሆናችንን ማየት የሚቻልበት ቀላል መንገድ አለ። አራቱም ቢደመሩ ኖሮ ፈተናው ከ80 ይሆን ነበር፤ ከፋይናሉ 40 ጋር ኮርሱ ከ120 ሊሆን ነው። ከ120 የሚታረም ኮርስ የለም። እሷ ከ80 ያገኘችውን 45 ወስዳ ከ60 ጋር ነው ያወዳደረችው።

ሶፍቱ ላይ ሌላ ሒሳብ ጻፍኩላት። አራቱም ይያዛሉ ቢባል እያንዳንዳቸው ከ15 ይሆኑ ነበር። 45 ከ80 ማለት ወደ 60 ሲለወጥ 33.75 ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ሕጉ ባይኖር 33.75 ነበራት፤ በሕጉ 40 አገኘች። 6.25 ማርክ የተጨመረላት ልጅ 5 ማርክ ተበላሁ ብላ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፋለች። ደብዳቤው ገብቶ ቢሆን ደግሞ መምህሩ «እንኳን ላንስሽ ጨምሬልሻለሁ» ብሎ ይቆጣ ነበር፤ እሷም አታምነውም። በየኮሌጁ ስንት እንዲህ ያለ ጠብ እንዳለ አስቡት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእኔ ቅሬታ ሕጉ ላይ አይደለም። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ለምን ጥሩ እንደሆነም እናገራለሁ። ቅሬታዬ «ስንት ያስፈልገኛል?» የሚለውን ጥያቄ ከሥሩ የሚለውጥ ሕግ በአንዲት መስመር ተጽፎ መታለፉ ላይ ነው። ተማሪው በአሮጌው ሒሳብ ነው የሚያስበው። ሁሉም ፈተና ሲያዝ ነገሩ ቀጥታ ነው፦ የምትፈልገው ላይ ያለህን ቀንስ፣ የቀረው የሚያስፈልግህ ነው። ከአራት ሦስት ሲሆን ግን አዲሱ ፈተና ባለህ ላይ አይጨመርም፤ ከነበሩት ውስጥ ዝቅተኛውን አስነስቶ በቦታው ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሚነሳውንም መክፈል አለብህ።

በእሷ ቁጥር እንየው። ሦስት ፈተና ወስዳ 12፣ 5፣ 16 ይዛለች፤ ድምሩ 33። 45 ለመድረስ የሚጎድላት 12 ነው። አራተኛው ፈተና ሲመጣ ግን 5ቱ ይነሳል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት የጎደለው 12 እና የሚነሳው 5 ተደምሮ 17 ነው። 12፣ 16 እና 17 ብትደምሩት 45 ይመጣል። ነገሩ ይኸው ነው፦ ሦስት ከተፈተንክ በኋላ የጎደለህን ውሰድ፣ ዝቅተኛ ውጤትህን ደምርበት፣ አራተኛው ላይ የሚያስፈልግህ እሱ ነው። የደረስክበት ቁጥር ከ20 በላይ ከሆነ ግብህ አይደረስም፣ ሌላ ግብ ፈልግ። ዜሮ ያገኘህበት ፈተና ካለ የሚደመረው ዜሮ ነው፤ ሒሳቡ እዚያም ይሠራል።

17 እና 12 የቁጥር ልዩነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። 12 ማለት ከ20 ውስጥ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ያለፈውን ደብተር አገላብጦ ሊመጣ ይችላል። 17 ለማምጣት ግን ቁጭ ብሎ ማጥናት ይጠይቃል። ከአራተኛው ፈተና በፊት ያለውን ቅዳሜ ባልደረባዋ ሥራ እንድትሸፍንላት ለምናት ነበር፤ 12 አያቅተኝም ብላ ሸፈነችላት። «17 መሆኑን ባውቅ እምቢ እላት ነበር» አለችኝ። እኔን የቆጨኝ ይኼ ነው። 5 ማርክ አልጠፋባትም፤ አንድ የጥናት ቅዳሜ ግን በተሳሳተ ቁጥር ምክንያት ጠፍቶባታል።

በሌላ በኩል ሕጉ የከፈተላትን በርም ማየት ያስፈልጋል። አራቱም ቢያዙ ኖሮ ከ60 ውስጥ 45 ለማግኘት ከ80 ውስጥ 60 ያስፈልጋታል። ከሁለተኛው ፈተና በኋላ 17 ብቻ ነበራት። የቀሩት ሁለት ፈተናዎች ድምር 40 ነው፤ የሚያስፈልጋት 43። ማለትም ገና በሴሚስተሩ አጋማሽ በሩ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀንና ሌሊት ብታጠና ያሰበችው ጋ አትደርስም። በአዲሱ ሕግ ግን ያኔ የሚያስፈልጋት ከቀሩት ሁለት ፈተናዎች 33 ነበር። ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል። በሦስተኛው 16 አመጣች፣ 17 ቀራት። እንዲህ ነው ሕጉ የሚሠራው፦ የማይቻለውን ወደ ከባድ ይለውጠዋል፤ ቀላል ግን አያደርገውም።

ለዚህ ነው ጥሩ ነው የምለው። የማታ ተማሪ አንድ ቀን ፈተና የሚበላሽበት ስላልገባው ብቻ አይደለም። አለቃ ያስመሸዋል፣ ባቡሩ ሳይመጣ ይቀራል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ልጅ ይታመማል። ከዚህ በፊት የነበረው መፍትሔ ሜክአፕ ፈተና መለመን ነው። የሕክምና ወረቀት ይዞ መምህሩ ቢሮ በር ላይ መቆም። ወረቀቱ ያለው ይፈተናል፣ የሌለው ዜሮ ይታቀፋል። ወረቀቱ እንዴት እንደሚገኝ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፣ ባልናገር ይሻላል። ከአራት ሦስት ሲባል መምህሩ የማን ሐዘን እውነት እንደሆነ መፍረድ አይጠበቅበትም። ሁሉም አንድ መጥፎ ቀን አለው፤ ምክንያቱን ማንም አይጠይቀውም።

ካፌው በር ላይ ሆኖ ስታዲየሙን ለሚያይ ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ርዝመት ዝላይ የሚዘል አትሌት ሙከራዎቹ አይደመሩበትም፤ የተሻለው ይያዝለታል፣ ሰሌዳውን የረገጠበት ይረሳል። 10,000 ሜትር የሚሮጠው ግን ያው አንድ ሩጫ ነው፣ መሃል ላይ ከወደቀ ወደቀ። ትምህርት ቤቶቻችን ለረጅም ጊዜ ሁላችንንም እንደ 10,000 ሜትር ሯጭ ነው ያዩን።

ግን ፍትሐዊ ነው ወይ? እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም መምህር ነው፣ ሞግቶኛል፤ ግማሹን አሸንፎኛል። ሁለት ተማሪ አስብ አለኝ። አንደኛው አራቱንም ጊዜ 14 ያመጣል። ሁለተኛው 18፣ 18፣ 6 እና 14። ሁለቱም ድምራቸው 56 ነው። አራቱም ቢያዙ ሁለቱም ከ60 ውስጥ 42 ያገኛሉ። ከአራት ሦስት ሲሆን የመጀመሪያው ያው 42 ነው፤ ሁለተኛው 50 ይገባል። ሁለቱም ፋይናል ላይ 28 ቢያመጡ አንዱ 70፣ አንዱ 78። አንዱ B፣ አንዱ B+። «ቀጥ ብሎ የሄደውን ልጅ ምን በድሎ ነው?» አለኝ።

ከዚህ በፊት አላሰብኩትም ነበር። እውነት ነው፣ ሕጉ የሚጠቅመው ውጤቱ የሚዋዥቀውን ነው። ሁሌም አንድ ዓይነት ለሚያመጣው ምንም አይሰጠውም። ግን የጓደኛዬ ክርክር የሚያይለው በድሮው አሰራር ነው። መምህሩ በከርቭ ግሬድ ሲሰጥ፣ ማለትም ተማሪዎቹን እርስ በርስ አወዳድሮ A እና B ሲያድል፣ የሌሎቹ ማርክ ከፍ ማለት ያንን ባለ 14 ልጅ ወደ ታች ይገፋዋል። አንድም ማርክ ሳይቀነስበት ግሬዱ ይወርዳል። አሁን ግን በብዛት የሚሠራው ከላይ በጠቀስኩት ቋሚ ሰንጠረዥ ነው፤ 70 ያመጣ ሁሉ B ነው፣ ጎረቤቱ 78 ቢያመጣም 50 ቢያመጣም። ስለዚህ ባለ 14ቱ አልተጎዳም፤ የጎረቤቱን ያህል አልተጠቀመም እንጂ። መምህሩ አሁንም በከርቭ የሚሰጥ ከሆነ ግን ጓደኛዬ ትክክል ነው፣ ሁለቱን ነገሮች ባይቀላቅላቸው ይሻላል።

ሌላው ጥያቄ አስቀድመው ሦስት ጥሩ ውጤት የያዙት ጉዳይ ነው። 17፣ 16 እና 18 ያለው ልጅ 51 በእጁ ነው። አራተኛውን ቢቀር ምንም አይቀነስበትም፣ 20 ቢያመጣም የሚጨምረው 4 ብቻ ነው። ስለዚህ ይቀራል። ጓደኛዬ እንደነገረኝ በአራተኛው ፈተና ቀን ክፍሉ ግማሹ ባዶ ይሆናል። አራተኛው ፈተና የያዘው ምዕራፍም ሳይጠና ይታለፋል፤ ፋይናሉ ላይ ግን ያ ምዕራፍ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ነገር የእኔ ዘመን ልጆች ከራሳችን እናውቀዋለን። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሳይቀር በፊት ነጥባችን የሚሰላው በተሻሉ ሰባት ትምህርቶች ነበር። እኔ ኬሚስትሪን «ከሰባቱ ውጪ» ብዬ ሚያዝያ ላይ ደብተሩን ዘጋሁ። ነጥቤ አማረ። 11ኛ ክፍል ስገባ ግን ኬሚስትሪ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። የማይያዝ ፈተና እና የማያስፈልግ ትምህርት አንድ አይደሉም፤ ያኔ ግን አንድ መስለውኝ ነበር።

ተቃራኒውም አለ። የሚጣለውን ፈተና መጀመሪያ ላይ የሚጨርሱት። «አንዱ አይያዝም» ብለው የመጀመሪያውን ፈተና ሳይዘጋጁበት ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሦስቱም ይያዛሉ፤ ለእነሱ ሕጉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የለም ማለት ነው። በሁለተኛው 16፣ በሦስተኛው 9 ቢያመጡ 45 ለመድረስ አራተኛው ላይ 20 ከ20 ያስፈልጋቸዋል። እውነተኛው ለቅሶ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ ሳምንት ነው።

እስካሁን ያወራሁት የተማሪውን ስህተት ነው። የመምህራኑም አለ፤ ይኼኛው ተማሪን በእውነት ማርክ ያሳጣል። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ የሠራውን ነገረኝ፣ ስሙን እንዳልጠራ አስምሎኝ። ማርኩን ኤክሰል ላይ ይይዛል። ከአራቱ ዝቅተኛውን ለመጣል ይህንን ፎርሙላ ጻፈ፦

```
=SUM(B2:E2)-MIN(B2:E2)
```

አራቱን ደምር፣ ትንሹን ቀንስ ማለት ነው። ሲታይ ትክክል ነው፤ አራቱንም ለተፈተነ ሰው በትክክል ይሠራል። አንድ ቀን የቀረች ተማሪ ግን ነበረች። ስላልተፈተነች ሳጥኑን ባዶ ተወው። የቀሩት ሦስቱ 14፣ 15 እና 16 ናቸው፤ ሊያዝላት የሚገባው 45 ነው። ፎርሙላው ግን 31 ሰጣት። ምክንያቱም `MIN` ባዶ ሳጥን አይቆጥርም፤ ከተጻፉት ውስጥ ትንሹን ፈልጎ 14ቱን ቀነሰ። ልጅቷ የቀረችበት አንድ ፈተና ሳለ ሁለት ተጣለባት። ሳጥኑ ውስጥ ቁጥር ሳይሆን «ቀሪ» ብሎ መጻፍም ያው ነው፤ ፎርሙላው ጽሑፉን ያልፈዋል። መፍትሔው ለቀረ ሰው 0 መጻፍ ነው፤ ወይም ትልልቆቹን ሦስት መደመር፦

```
=LARGE(B2:E2,1)+LARGE(B2:E2,2)+LARGE(B2:E2,3)
```

ይኼኛው ባዶ ሳጥን ቢኖርም አይሳሳትም። ሁለት ፈተና የቀረ ሰው ካለ ግን የሚደምረው ሦስተኛ ቁጥር ስለሚያጣ `#NUM!` ይላል፤ እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ዝም ብሎ አይሳሳትም። ተማሪዋ ባትጠይቅ ኖሮ ጓደኛዬ እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር። እሷ ደግሞ የጠየቀችው ሦስት ቁጥር በእጇ ደምራ ስላየች ነው። አንድ ቀን ቀርታችሁ ድምሩ ባልጠበቃችሁት መጠን ካነሰ፣ ያነሰው ከያዛችኋቸው ውጤቶች ከትንሹ ጋር እኩል መሆኑን እዩ። እኩል ከሆነ ችግሩ ይኸው ፎርሙላ ነው ማለት ነው።

ፈተናዎቹ ከተለያየ ቁጥር ሲሆኑም እንዲሁ። አንዱ ከ10፣ ሌላው ከ20 ከሆነ 9 ከ12 ያንሳል ብሎ 9ኙን መጣል ግፍ ነው፤ 9 ከ10 ማለት 90 በመቶ ነው፣ 12 ከ20 ደግሞ 60። መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ አምጥቶ ነው ዝቅተኛውን መምረጥ።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መመሪያ ይውጣ፣ ኮሚቴ ይቋቋም አላልኩም፤ ኮሚቴ ከመጣ አራቱም ፈተና ይጣላል። አውትላይኑ ላይ ያለችው አንዲት መስመር አራት ትሁን። የቀረ ሰው ዜሮ ይያዝለታል ወይ፣ ያ ዜሮ የሚጣለው ሊሆን ይችላል ወይ? አንድ ፈተና ከተጣለ ሜክአፕ አለ ወይስ የለም? የሚጣለው በጥሬ ማርክ ነው ወይስ በመቶኛ? ከዚያ አንድ ምሳሌ በቁጥር ይጻፍ፤ 12፣ 5፣ 16፣ 12 ካመጣህ 40 አለህ፣ 45 አይደለም ተብሎ። ያቺ ምሳሌ ብትኖር የአክስቴ ልጅ ያንን ቅዳሜ አትሸጠውም ነበር። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ፦ ሕጉ በሴሚስተሩ መጀመሪያ መነገር አለበት። ውጤት ከታየ በኋላ «እስቲ የተሻሉትን ሦስቱን ልያዝላችሁ» የሚል መምህር ደግ ይመስላል፤ ግን ታሞ ተነስቶ አራተኛውን ለመፈተን የመጣውን እና ሥራውን ትቶ ያጠናውን ሰው ሒሳብ በኋላ ቀይሮታል። ተማሪው ሊያቅድበት የማይችል ሕግ ለመምህሩ መልካም ፈቃድ ከመለመን አይለይም።

ወደ ካፌው ልመለስ። ሶፍቱን ካየች በኋላ ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ስለዚህ አሁን ስንት ነው የሚያስፈልገኝ?» አለች። 70 ላይ 40 ቀነስን፤ ፋይናሉ ላይ 30 ከ40። ያሰበችው 25 ነበር። «አራቱም ቢያዙ ኖሮ?» አለች። 70 ላይ 33.75 ቢቀነስ 36.25 ከ40 ነው አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፈገግታ ይመስላል።

ደብዳቤውን አልቀደደችውም። ገለበጠችውና ጀርባው ላይ ፋይናሉ የሚሸፍናቸውን ምዕራፎች መጻፍ ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሁለት ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ሁለተኛው ምዕራፍ 5 ያመጣሁበት ነው። ፈተናው ከተጣለ ምዕራፉም ይጣላል?»

«ፋይናሉ ምንም አይጥልም» አልኳት።

ሁለት ላይ ክብ አደረገችበት። ሰዓቷን አየች፣ ማኪያቶዋን ሳትጨርስ ተነሳች። «ቅዳሜ ሥራ ሸፍኚልኝ ያለችኝ ልጅ አሁን ተራዋ ነው» ብላኝ ወጣች።

መምህራን ካላችሁ በእናንተ ኮርስ እንዴት እንደሚያዝ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ኤክሰል የምትጠቀሙ፣ ዛሬ ማታ አንድ ቀን የቀረ ተማሪ ካላችሁ መስመሩን ከፍታችሁ እዩት።